ውሉ ላይ ያለው የወርቅ ዋጋ ስልክ ላይ ካለው ጋር አልገጥም ሲል

ዱባይ ወርቅ ቤት ውስጥ ሂሳብ የምትይዝ ጓደኛ አለችኝ። አንድ ማታ ደወለችና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «አጭበርብረውናል መሰለኝ» አለችኝ። ቤቱ 2.4 ኪሎ ቁርጥራጭ ወርቅ ለማጣሪያ ልኳል። ማጣሪያው በአውንስ 3,290 ዶላር አስልቶ ከፍሏል። እሷ ደግሞ የዚያን ቀን ስልኳ ላይ 3,312 አይታለች። ውሉ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በዕለቱ የለንደን ዋጋ»።

ማንም አላጭበረበራትም። «የዕለቱ የለንደን ዋጋ» የሚባል አንድ ነገር ስለሌለ ነው። በየቀኑ ሁለት አለ። እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ ስለሚደወልልኝ ችግሮቹን ከነመንስኤያቸው እዚህ ላስቀምጣቸው።

ምልክት፦ የተከፈለኝ ዋጋ ስክሪን ላይ ካየሁት ይለያል

መጀመሪያ ስልክ ላይ የሚታየው ምን እንደሆነ እንወቅ። እሱ የገበያው ተንሳፋፊ ዋጋ ነው። በየሴኮንዱ ይለዋወጣል። በዚያ ላይ መግዣውና መሸጫው ይለያያል፤ የትኛውን እንዳሳየህ መተግበሪያው ብዙ ጊዜ አይነግርህም። ሁለት ሰዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ቁጥር አይተው ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ዋጋ ውል መዋዋል ጠብ መጥራት ነው።

ውሎች የሚጠቅሱት ሌላ ነው። ለንደን ውስጥ በሥራ ቀናት በለንደን ሰዓት ከጠዋቱ 10:30 እና ከቀኑ 15:00 ላይ የወርቅ ጨረታ ይካሄዳል። ከእያንዳንዱ ጨረታ አንድ ቁጥር ይወጣል። መግዣ መሸጫ የለውም፤ ለሁሉም አንድ ነው። ስክሪን ላይ `LBMA Gold Price AM` እና `LBMA Gold Price PM` ተብለው የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ በምሳሌ እንየው። አሃዞቹ የኔ ፈጠራ ናቸው፤ አሠራሩ ግን እውነተኛው ነው። ሥርዓቱ ገበያውን አይቶ በ3,300 ዶላር ይከፍታል እንበል። በጨረታው የሚሳተፉት ባንኮችና የከበሩ ማዕድናት ነጋዴዎች፣ ለራሳቸውም ለደንበኞቻቸውም፣ በዚህ ዋጋ ስንት አውንስ እንደሚገዙና ስንት እንደሚሸጡ ያስገባሉ። ዋጋ አያቀርቡም፤ መጠን ብቻ ነው። ዙሩ ሲያበቃ ገዢው 120,000፣ ሻጩ 85,000 አውንስ ሆነ። ክፍተቱ 35,000 ነው። በመደበኛው የሚፈቀደው ክፍተት 10,000 አውንስ ስለሆነ ጨረታው አልተዘጋም። ፈላጊው በዝቷልና ዋጋው ወደ 3,302 ከፍ ይላል። በሁለተኛው ዙር አንዳንዱ ገዢ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ሻጭ ይጨምራል፤ 108,000 በ90,000። አሁንም ሰፊ ነው። በ3,303 ላይ 101,000 በ94,000 ሆነ። ክፍተቱ 7,000 ነው፤ ተዘጋ። የዕለቱ ዋጋ 3,303 ዶላር ነው።

የቀረውን 7,000 አውንስ ማን ይሸጣል? ቀጥታ ተሳታፊዎቹ እኩል ይካፈሉታል። አሥራ አራት ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 500 ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ጨረታ «በወጣው ዋጋ እገዛለሁ» ወይም «እሸጣለሁ» ያለ ሁሉ በ3,303 ይገበያያል።

ውሎች ይህን ቁጥር የሚወዱበት ትልቁ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ አማካይ አይደለም፤ የሆነ ሰው ግምትም አይደለም። ልትገበያይበት የምትችለው ዋጋ ነው። ማጣሪያው ከጓደኛዬ ቤት በከሰዓቱ ዋጋ ሊገዛ ከተዋዋለ፣ ያንኑ መጠን በባንኩ በኩል እዚያው ጨረታ ላይ ለሽያጭ ያስገባል። የገዛበትና የሸጠበት አንድ ቁጥር ይሆናል። ትርፉን የሚያገኘው ከዋጋ መዋዠቅ ሳይሆን ከማጣሪያ ክፍያው ነው። ስልክ ላይ ባየነው ዋጋ ተዋውሎ ቢሆን ግን የመግዣና የመሸጫውን ልዩነት አንዳቸው ይሸከሙ ነበር።

ወደ ጓደኛዬ ስንመለስ፣ 3,290 የዚያን ቀን የጠዋቱ ነበር፤ ስልኳ ላይ ያየችው 3,312 ደግሞ ከከሰዓቱ ጋር የገጠመ ነበር። ወርቁ 92 በመቶ ንጹሕ ስለነበር ከ2,400 ግራሙ 2,208 ግራም ንጥር ይወጣዋል። ያ 70.99 አውንስ ገደማ ነው። በ22 ዶላር ልዩነት ሲባዛ ወደ 1,560 ዶላር ይመጣል። ለአንዲት ቃል ቀላል ገንዘብ አይደለም።

መፍትሄው «የከሰዓቱ» ወይም «የጠዋቱ» ብሎ መጻፍ ነው። የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ እኔ የከሰዓቱን እመርጣለሁ። የከሰዓቱ በ1968 የተጨመረው አሜሪካ ከእንቅልፏ ስትነሣ ዋጋ እንዲኖር ተብሎ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ1919 ጀምሮ በቀን አንዴ ብቻ ነበር። ዛሬም በ15:00 ለንደንና ኒውዮርክ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ወርቅ የሚያከማቹ ትልልቅ ፈንዶች፣ ኤስ ፒ ዲ አር ጎልድ ትረስትን ጨምሮ፣ የያዙትን የሚገምቱት በከሰዓቱ ነው። ኦዲተርህም «ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የነበረህ ወርቅ ስንት ያወጣ ነበር?» ሲልህ ማንም ፈልጎ የሚያገኘው አንድ ቁጥር ያስፈልግሃል።

ምልክት፦ ዋጋው ልክ ነው፣ ድምሩ ግን በጣም ይለያል

ልዩነቱ አሥር በመቶ አካባቢ ከሆነ ዋጋውን ተዉትና ሚዛኑን እዩ። የጨረታው ዋጋ በትሮይ አውንስ ነው፤ 31.1035 ግራም። ተራው አውንስ 28.35 ግራም ነው። የኛ አንጥረኞች ወቄትም ወደ 28 ግራም ነው፤ ስለዚህ «አውንስ ማለት ወቄት አይደል?» የሚል አበሻ ወርቅ ቤት ሲገባ እፈራለሁ። ከላይ ያለውን 2,208 ግራም በ28.35 ብታካፍሉት 77.88 ይሆናል። በ3,312 ሲባዛ ከትክክለኛው በ22,800 ዶላር ገደማ ይበልጣል። ደስ ይላል፤ ግን ማንም አይከፍላችሁም።

ሌላው ንጽሕናው ነው። ዋጋው ለንጥር ወርቅ ነው። 22 ካራት ከሆነ መጀመሪያ በ22/24 አባዙት። በተጨማሪም ዋጋው ለንደን ካዝና ውስጥ ላለ ወርቅ ነው። ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ወርቅ በላዩ ላይ የማጓጓዣና የአካባቢ ጭማሪ ወይም ቅናሽ ይኖረዋል። የጌጣጌጥ መስኮት ላይ ያለው ዋጋ የእጅ ሥራም ይጨምራል፤ ከጨረታው ቁጥር ጋር ባይገጥም አትደነቁ።

ምልክት፦ ቀኑ ተስማምቷል፣ ቁጥሩ ግን ገና አልወጣም ወይም ጠፋ

ሰዓቱ ያሳስታል። እንግሊዞች ሰዓታቸውን በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደፊት ያዞራሉ፤ እኛ አናዞርም። ስለዚህ የከሰዓቱ ጨረታ በእነሱ ክረምት አዲስ አበባ ላይ ምሽት 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 11 ሰዓት ላይ ነው። ዱባይ ላይ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ጓደኛዬ የቀኑን ሂሳብ በ11 ሰዓት ስትዘጋ ያልወጣ ዋጋ እየፈለገች ነበር። በእንግሊዝ የሕዝብ በዓላት ጨረታ የለም። በገና ዋዜማና በፈረንጆች ዓመት መለወጫ ዋዜማ የጠዋቱ ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ቀኑ ራሱ ነው። «በዕለቱ» የቱ ዕለት? ወርቁ የደረሰበት? የጥራት ምርመራው የወጣበት? ክፍያው የተፈጸመበት? አንዱ ወገን ዋጋው ከወጣ በኋላ ቀኑን መምረጥ ከቻለ፣ ያየውን ቁጥር እየመረጠ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቀኑ ሲወሰን ዋጋው ለሁለቱም ያልታወቀ መሆን አለበት። የምርመራው ውጤት ማስታወቂያ በለንደን ሰዓት ከእኩለ ቀን በፊት ከደረሰ የዚያው ቀን፣ ካለፈ የማግስቱ የከሰዓት ጨረታ በሉ።

ምልክት፦ ዋጋው በጨረታው ደቂቃዎች ወደ አንድ ወገን የተጎተተ ይመስላል

አንዳንዴ እውነት ነው። ሰኔ 28 ቀን 2012 በፈረንጆች አቆጣጠር የባርክሌይስ አንድ ነጋዴ የከሰዓቱ ዋጋ ከ1,558.96 ዶላር በላይ ከተዘጋ ለደንበኛ 3.9 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ውል ነበረው። ጨረታው እየተካሄደ ሳለ ትልቅ የሽያጭ ትእዛዝ አስገባ። ዋጋው 1,558.50 ላይ ተዘጋ። የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በ2014 ባንኩን 26 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው።

በዚያን ጊዜ ዋጋውን የሚወስኑት ጥቂት ባንኮች ነበሩ፤ በስልክ እየተነጋገሩ። ከመጋቢት 20 ቀን 2015 ጀምሮ ጨረታው ኤሌክትሮኒክ ሆኗል፤ የሚያስተዳድረውም አይስ ቤንችማርክ አድሚኒስትሬሽን የተባለ ተቋም ነው። ተሳታፊው በዝቷል፤ የእያንዳንዱ ዙር መጠንም ይታያል።

በእናንተ በኩል ያለው መፍትሄ ግን ውሉ ላይ ነው። 46 ሳንቲም ወዲያ ወዲህ ሲል ሚሊዮኖች የሚገለባበጡበት ገደብ አትጻፉ። መጠኑ ትልቅ ከሆነና ርክክቡ ወር ሙሉ የሚቀጥል ከሆነ የወሩን የከሰዓት ዋጋዎች አማካይ ውሰዱ። የአንድ ቀን ግፊት ሃያ ቀን ውስጥ ይሟሟል። በብር የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ የየትኛው ባንክ፣ የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፤ ጨረታው የሚካሄደው በዶላር ነው፣ ብርን አያውቅም።

ጓደኛዬና ማጣሪያው በኋላ የተስማሙበት አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ «ማጣሪያው የጥራት ምርመራውን ውጤት በለንደን ሰዓት ከ12:00 በፊት ካሳወቀ በዚያው ቀን፣ ከዚያ በኋላ ካሳወቀ በቀጣዩ የሥራ ቀን በሚወጣው `LBMA Gold Price PM`፣ በአሜሪካ ዶላር፣ በአንድ ንጥር ትሮይ አውንስ (31.1035 ግራም)። በዚያ ቀን የከሰዓት ጨረታ ከሌለ ቀጥሎ የሚካሄደው ጨረታ ዋጋ ይወሰዳል።» የድሮውን 1,560 ዶላር ግን አላስመለሰችም። ማጣሪያው «የጠዋቱም የዕለቱ ነው» አላት፤ ውሉ ላይ በተጻፈው ቃል ልክ ነበር።