የመነሻ ገጽ ዋየርፍሬም ስንስል የምንሠራቸው ስህተቶች

ዋየርፍሬም፣ ማለትም ቀለምና የፊደል ዓይነት ከመመረጡ በፊት የሚሰለው የድረ ገጽ ሻካራ ንድፍ፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፦ በገጹ ላይ ምን ይቀመጣል? የትኛውስ ይቀድማል? ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ጥያቄው ሳይመለስ ወደ ማስዋቡ እንድንሻገር የሚያደርጉ ናቸው። ለምሳሌ እንዲሆነን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብን በኢንተርኔት የሚያስጠና አገልግሎት እንውሰድ። ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ሥራ ሠርቼ ብዙውን ስህተት ራሴ ስለፈጸምኩት በደንብ አውቀዋለሁ።

ከሳጥን መጀመር

ባዶ ወረቀት ፊት ስንቀመጥ እጃችን ቀድሞ የሚስለው ትልቅ ሥዕል፣ ከሥሩ ሦስት ካርዶች፣ ከዚያ የደንበኞች አስተያየት ነው። ይህ ቀደም ሲል ካየናቸው ገጾች የተቀዳ ቅርጽ እንጂ የጎብኚው ፍላጎት አይደለም። መጀመሪያ ወላጁ የሚጠይቀውን በቃላት እንጻፍ፦ ትምህርቱ ለልጄ ክፍል ይሆናል? የሚያስተምረው ማን ነው? በስንት ሰዓት? ስንት ያስከፍላል? ልጄ ካልወደደውስ? እያንዳንዱ የገጹ ክፍል ከእነዚህ ለአንዱ መልስ መስጠት አለበት። እኛ የሳልነው «ታሪካችን» የሚል ክፍል ለአንዱም መልስ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከመነሻ ገጹ ወጥቶ «ስለ እኛ» ወደሚለው ገጽ ሄደ።

ርዕሱን በሞገድ መስመር መተካት

ከሁሉም በላይ ዋጋ ያስከፈለኝ ይህ ነው። ረጅም አንቀጽን በሞገድ መስመር ማመልከት ችግር የለውም። ርዕስ፣ የቁልፍ ጽሑፍና የዋጋ መግለጫ ግን በእውነተኛ ቃላት መጻፍ አለባቸው፤ የክፍሉን ቅርጽ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

ሦስት እኩል ካርዶች ስለን በእያንዳንዳቸው ውስጥ አጭር መስመር አሰመርን። ንድፉ ጸደቀ፣ ቀለም ተቀባ፣ ምልክቶች ተሳሉ። ጽሑፉ ሲመጣ የመጀመሪያው ካርድ ርዕስ «መምህሩና ተማሪው በቪዲዮ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚማሩበት ክፍለ ጊዜ» የሚል ነበር። የሁለተኛው «ልምምድ» ብቻ። ለሦስተኛው የሚጻፍ ነገር ጠፋ። መጀመሪያ ጥፋቱን በጽሑፍ አዘጋጁ ላይ ልጥል ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ሦስተኛ ጉዳይ ኖሮም አያውቅም። ሁለቱም ቢሆኑ ጎን ለጎን የሚቆሙ አልነበሩም፤ መጀመሪያ ይማራል፣ ከዚያ ይለማመዳል። ትክክለኛው ቅርጽ አንዱ ከሌላው ሥር የተቀመጠ ባለ ሁለት ደረጃ ዝርዝር ነበር። በማርከር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ እርማት ብዙ ቀናት ወሰደ።

ንድፉን ለመፈተን ርዕሶቹንና ቁልፎቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች ጮክ ብለው ያንብቡ። አገልግሎቱን የማያውቅ ሰው ሰምቶ ምን እንደሚሸጥ መናገር ካቃተው፣ ወይም «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚል ቁልፍ አራት ጊዜ ከመጣ፣ ንድፉ ገና አላለቀም።

አሳምሮ መሳል

ሰው አስተያየት የሚሰጠው በሚያየው ላይ ነው። ቁልፉ ሰማያዊ ከሆነ ውይይቱ ስለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ዋጋው ከመምህራኑ ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው ሳይነሣ ስብሰባው ያልቃል። ስለዚህ ወፍራም ማርከር ይያዙ፤ በወፍራም ማርከር ጥቃቅን ነገር መሳል አይቻልም። በኮምፒውተር ከሆነ ጥቁርና አንድ ግራጫ ይበቃሉ። ለሥዕል ቦታ ሰያፍ መስመሮች የተሻገሩበት ሳጥን ይሳሉ፤ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ ግን ውስጡ ይጻፉ። «መምህሯ እኩልታ ስትፈታ» የሚለው «ሥዕል» ከሚለው የተሻለ ነው።

ሰፊውን ስክሪን ብቻ ማሰብ

1440 ፒክስል ስፋት ባለው ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ስለሚቆም ቅደም ተከተል ሳንወስን ማለፍ እንችላለን። 390 ፒክስል ስፋት ባለው የስልክ ስክሪን ላይ ግን ሁሉም በአንድ ዓምድ ይደረደራልና አንዱ የግድ መቅደም አለበት። በተለይ አንድ ጊዜ ሥዕል በግራ፣ ቀጥሎ ሥዕል በቀኝ እየተፈራረቀ የሚሄድ አቀማመጥ ያሳስታል። በስልክ ላይ እንዳለ ሲታጠፍ ሥዕል፣ ጽሑፍ፣ ጽሑፍ፣ ሥዕል ይሆናል፤ ሁለት ጽሑፎች ተጣብቀው የትኛው ሥዕል የማን እንደሆነ ይጠፋል። መጀመሪያ ጠባቡን ይሳሉ፤ ከዚያ በሰፊው ንድፍ ላይ በእያንዳንዱ ሳጥን ጥግ በስልክ የሚኖረውን ተራ በቁጥር ይጻፉ።

በመጀመሪያው ሐሳብ መርጋት

ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ በግማሽ ሲታጠፍ 8 ክፍሎች ይወጡታል። በእያንዳንዱ ውስጥ ያንኑ የገጽ ክፍል በተለየ መልክ ይሳሉ፤ ለአንዱ ከአንድ ደቂቃ አይለፉ። እኛ ለላይኛው ክፍል የመረጥነው ስድስተኛውን ነበር፤ ትልቁን ሥዕል አውጥቶ በቦታው ወላጁ የልጁን ክፍል የሚመርጥበትን ዝርዝር ያስቀመጠውን።