ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ባትሪ የሚጨርስ ስልክ

ምልክቱ

ጠዋት መቶ ሞልቶ የወጣ ስልክ እኩለ ቀን ላይ ሃምሳ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ቪዲዮ አላያችሁበትም፣ ጌም አልተጫወታችሁበትም። ከኪስ ስታወጡት ለብ ብሏል። ከኔትወርኩ መስመሮች የበራችው አንዷ ብቻ ናት፤ አንዳንዴ እሷም ትጠፋለች። የሚገርመው ደግሞ የእረፍት ቀን ቤት ስትውሉ ያው ስልክ፣ በያው ባትሪ፣ እስከ ማታ ይቆያል።

ዋናው ፍንጭ ይህ የመጨረሻው ነው። ያረጀ ባትሪ ቦታ አይመርጥም፣ የትም ብትሆኑ ቶሎ ያልቃል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ግን መጠርጠር ያለበት ኔትወርኩ ነው። እኔ ይህን ሳላስተውል በፊት ባትሪ አስቀይሬ ነበር። አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። የምሠራበት ክፍል ምድር ቤት መሆኑን ከባትሪው ጋር ያገናኘሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መንስኤው

ስልክ ሳይነካ ሲቀመጥ በአብዛኛው ተኝቷል። ጥሩ ሲግናል ካለ በየሰከንዱ ገደማ ለአፍታ ነቅቶ «የመጣልኝ ጥሪ አለ?» ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ከባትሪ የሚወስደው ኢምንት ነው። ሲግናሉ ሲደክም ግን ሁለት ነገር ይመጣል።

አንደኛው ፍለጋ ነው። ስልኩ የያዘው አንቴና ሊያመልጠው ሲል ሌላ መፈለግ ይጀምራል። የሚያውቃቸውን የሞገድ ክልሎች አንድ በአንድ ያስሳል፤ 4ጂ ሲያጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል፣ 4ጂ ትንሽ ብቅ ሲል ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። በእያንዳንዱ ዝውውር ለኔትወርኩ «እዚህ ነኝ» ብሎ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል። ጨርሶ ሲግናል ከሌለም ፍለጋው እየቆየ ይደጋገማል። መተኛት የነበረበት ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲባንን ይውላል።

ሁለተኛው ጩኸት ነው። ስልኩ መስማት ብቻ ሳይሆን መመለስም አለበት። አንቴናው ሲርቅ ወይም መሀል ላይ ወፍራም ኮንክሪት ሲገባ፣ ድምፁ እንዲደርስ የማሰራጫ ጉልበቱን ይጨምራል። የተለመደ የ4ጂ ስልክ ጣሪያው 0.2 ዋት ገደማ ነው። ይህን ለማሰራጨት ከባትሪው የሚስበው ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ትርፉ ሙቀት ይሆናል። ኪስ ውስጥ ለብ ያለው ለዚህ ነው። ጣሪያው ላይ ደርሶም ካልተሰማ ያንኑ መረጃ ደጋግሞ ይልካል። ሰከንድ የማይፈጅ መልእክት ረጅም ሥራ ይሆንበታል።

ኔትወርኩ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

በግምት ቅንብር መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት ቀላል ሙከራ አድርጉ። ሲግናል በሚደክምበት ቦታ ስልኩን ለጥቂት ሰዓታት ሳትነኩት አስቀምጡት። አንዴ እንደተለመደው፣ አንዴ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ። ሰዓቱ እኩል ይሁን፤ ሲጀምርና ሲያልቅ ፐርሰንቱን ጻፉ።

እኔ ስልኬን ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት ሌሊት ትቼው ሄድኩ። በመጀመሪያው ሌሊት፣ እንደተለመደው ሆኖ፣ በ8 ሰዓት ውስጥ 24 ፐርሰንት ጨረሰ። በማግስቱ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ሆኖ በዚያው 8 ሰዓት 3 ብቻ ወረደ። ባትሪውም አፖቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ ሬዲዮው ብቻ ነው።

ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ሆኖም ብዙ የሚወርድ ከሆነ ይህ ጽሑፍ የእናንተ አይደለም። ያረጀ ባትሪ ወይም የማይተኛ አፕ ፈልጉ።

ስልኩ ራሱም ይናገራል። አንድሮይድ ላይ በባትሪ አጠቃቀም ዝርዝር ውስጥ `Mobile network` ወይም `Cell standby` የሚል ስም ከላይ ከተቀመጠ ምልክት ነው። አይፎን ላይ `Settings` ከዚያ `Battery` ስትገቡ ከአፖቹ ስር `Low Signal` ወይም `No Cell Coverage` የሚል ጽሑፍ ታገኙ ይሆናል።

መስመሮቹን አትመኑ፣ ቁጥሩን እዩ

ስክሪን ላይ ያሉት መስመሮች ሻካራ ግምት ናቸው። አንዱ ስልክ ሁለት መስመር የሚያሳይበት ቦታ ሌላው ሦስት ያሳያል። ትክክለኛው መለኪያ በ`dBm` የሚጻፈው ቁጥር ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ `Settings`፣ `About phone`፣ ከዚያ `SIM status` ውስጥ `Signal strength` ተብሎ ይገኛል። አይፎን ላይ በመደወያው ይህን ጻፉና ደውሉ፤ የሙከራ ገጽ ይከፈታል።

```
*3001#12345#*
```

ቁጥሩ ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ነው። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ለ4ጂ እስከ -95 ድረስ ያለው ምቹ ነው፤ ከ-110 በታች ሲሆን ስልኩ መጨነቅ ይጀምራል፤ -120 አካባቢ ክሩ ሊበጠስ ነው። የ2ጂን ቁጥር ከ4ጂ ቁጥር ጋር ግን አታወዳድሩ፣ አለካካቸው ይለያያል። 4ጂን ከ4ጂ ጋር ብቻ።

የቁጥሩ ጠባይ ሰው ያታልላል። የ10 ልዩነት ማለት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው፣ የ20 ደግሞ የመቶ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ -116 አነበብኩ። ስድስት እርምጃ ሄጄ ደረጃው አጠገብ ካለችው ትንሽ መስኮት ስር ስለካው -96 ሆነ። በአንድ ክፍል ውስጥ መቶ እጥፍ! ስታነቡ ታዲያ አትቸኩሉ፤ ስልኩን አስቀምጡትና ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

መፍትሄው

መጀመሪያ ምንም ቅንብር የማይጠይቀውን አድርጉ፤ ስልኩን አንሱና ቦታ ቀይሩለት። መስኮት አጠገብ፣ ከብረት መደርደሪያና ከብረት መሳቢያ የራቀ ቦታ ይሁን። ብረት ያለበት ሽፋን ካለው አውልቁለትና ቁጥሩን እንደገና እዩ። ስልካችሁን አጠገባችሁ ማድረግ ግድ ከሆነ ወደ ቅንብሩ እንለፍ።

ሁለት ሲም ላላቸው፣ ተጠርጣሪው ብዙ ጊዜ ያ የተረሳው ሁለተኛ ሲም ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ሲግናል ይዞ እያለ ሁለተኛው ጨርሶ ሲግናል የሌለው ሊሆን ይችላል፤ እሱ በጎን ፍለጋውን ይቀጥላል። የኔም ሁለተኛ ሲም እንዲሁ ይፈልግ ነበር። በሲም ማስተዳደሪያው ውስጥ ገብቼ ሲሙን አጠፋሁት። ማውጣት አያስፈልግም። በሚቀጥለው ሌሊት 24 የነበረው 15 ሆነ። በአንድ ንክኪ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቁጥር የሚደውልላችሁ ሰው ካለ ግን በዚያ ሰዓት እንደማያገኛችሁ አትርሱ።

ቀጥሎ የኔትወርክ ዓይነት ነው። ስልኩ በ4ጂና በ3ጂ መሀል የሚዋልል ከሆነ አንዱ ላይ አስሩት። ሳምሰንግ ላይ `Connections`፣ `Mobile networks`፣ `Network mode` ውስጥ ነው፤ ሌሎች አንድሮይዶች ላይ ሲሙን ስትነኩ `Preferred network type` ይላል። አይፎን ላይ `Cellular`፣ `Cellular Data Options`፣ `Voice & Data` ውስጥ ነው። 5ጂ የሚይዝ ስልክ ካላችሁና 5ጂው ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጥፉ። ብዙ ቦታ የ5ጂ ግንኙነት ከ4ጂው ላይ ተደርቦ ስለሚሠራ ስልኩ ሁለቱንም ይሸከማል።

የትኛው ላይ ማሰር ይሻላል? እንደ ቦታው ነው። ጥሪ ብቻ ለሚፈልግ 2ጂ ሩቅ ቦታ ላይ የተረጋጋ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም በሉት። 3ጂ ደግሞ በብዙ አገር እየተዘጋ ነው። አንዱን መርጣችሁ ለጥቂት ሰዓት ለኩ፣ ከዚያ ሌላውን። ስልኩ ጭራሽ ሲግናል ካጣ ምርጫው ስህተት ነበርና ቶሎ መልሱት፤ ፍለጋው ብሶ ቁጭ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህ ኮድ የተደበቀ የሙከራ ገጽ ይከፍታል።

```
*#*#4636#*#*
```

እዚያ `LTE only` የሚል ምርጫ አለ። ሰዎች በደስታ ይጫኑታል። ነገር ግን የስልክ ጥሪያችሁ በ4ጂ ላይ የማያልፍ ከሆነ፣ ማለትም ስልካችሁ ወይም ሲማችሁ ቮልቲ ካልተከፈተለት፣ ማንም ቢደውል አትገኙም። ኢንተርኔቱ እየሠራ ስለሆነ ደግሞ ለቀናት ላታውቁት ትችላላችሁ። ከነካችሁት ወዲያው በሌላ ስልክ ደውላችሁ ፈትሹ።

ዋይፋይ ባለበት ቦታ ነገሩ ይቀላል። ኤሮፕሌን ሞድ አብሩ፣ ከዚያ ዋይፋዩን ለብቻው መልሳችሁ ክፈቱ። መልእክት ይገባል፣ የሞባይል ሬዲዮው ግን ተኝቷል። መደበኛ ጥሪም ካስፈለጋችሁ በዋይፋይ መደወልን ማብራት ይቻላል፤ ይህ ግን የሚሠራው የኔትወርክ ድርጅታችሁ ሲፈቅድና ስልኩ ሲደግፈው ብቻ ነው።

ዋይፋይ ከሌለ ዳታውን በማያስፈልጋችሁ ሰዓት ዝጉት። ፍለጋውን አያስቆመውም፣ ምክንያቱም ስልኩ ለጥሪ ሲል ከኔትወርኩ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጩኸቱን ግን ይቀንሰዋል። አፖች ከጀርባ በየጥቂት ደቂቃው ሲልኩና ሲቀበሉ ሬዲዮውን ይቀሰቅሱታል፤ እያንዳንዱ መቀስቀስ ከተላከው ነገር በኋላም ለጥቂት ሰከንዶች ይቆያል። ባትሪ ቆጣቢው ሞድ የሚጠቅመውም በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

«ሲግናል ጨምር» የሚሉ አፖችን ተዉአቸው። አፕ የአንቴናን ርቀት አያሳጥርም። ኤሮፕሌን ሞድን አብርቶ ማጥፋትም ለአንዴ ይሠራል፣ ስልኩ ሩቅ አንቴና ላይ ተጣብቆ ከነበረ ቅርቡን እንዲያገኝ። በየአሥር ደቂቃው ካደረጋችሁት ግን በእጃችሁ አዲስ ፍለጋ እያስጀመራችሁ ነው።

የኔን ልጨርስ። ሁለተኛውን ሲም ካጠፋሁ በኋላ 4ጂውን ትቼ 3ጂ ላይ አሰርኩት፤ 15ቱ 10 ሆነ። ከዚያ ስልኩን መስኮቷ ስር ሳስቀምጠው 4ጂን መለስኩለትና በ8 ሰዓት 6 ፐርሰንት ብቻ ወረደ። ኢንተርኔቴንም አላጣሁም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ የትም ቦታ ካልተሻሻለ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አለ። መጀመሪያ በራሳችሁ ስልክ ቁጥሩን አንብባችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ሲማችሁን አውጥታችሁ ተመሳሳይ የኔትወርክ ትውልድ የሚይዝ የሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ክተቱት፣ በዚያው ቦታ አስቀምጡትና እንደገና አንብቡ፤ ሁለቱም ጊዜ 4ጂ ላይ መሆኑን እዩ። የሦስት የአራት ልዩነት ተራ ነገር ነው። በያው ሲም የእናንተ ስልክ በ15 ወይም በ20 የባሰ ካነበበ ግን ችግሩ አየሩ ላይ አይደለም። ስልኩ ወድቆ ወይም ስክሪን ሲቀየርለት የውስጥ አንቴናው ሽቦ ተነቅሎ ሊሆን ይችላልና ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ስትነግሩትም «ባትሪ አይዝም» አትበሉት፣ ባትሪ ይቀይርላችኋል። ቁጥሮቹን አሳዩት።