ብዙ ወታደር ሲታዘዝ የሚንቀራፈፈው ጨዋታ እንዴት ተስተካከለ

በካሬ ሰሌዳ ላይ የሚካሄደው የስትራቴጂ ጨዋታዬ ብዙ ወታደሮች አንድ ላይ ሲታዘዙ ቀጥ ይል ነበር። መንገድ ፈላጊው ስልት ኤ-ስታር የፈተሻቸውን ካሬዎች ቀለም ስቀባቸው በገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ሰፊ ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ታየ። ጥፋቱ የርቀት ግምቱ ነው። ግምቱ የሚለካው የአየር ርቀትን ነው፤ ወታደሮቹ ግን በስምንት አቅጣጫ ብቻ ስለሚራመዱ ከእውነተኛው መንገድ ያንሳል፣ ያነሰ ግምት ደግሞ ፍለጋውን ያሰፋዋል። h ግምቱ፣ dx እና dy ደግሞ እስከ መድረሻው በአግድምና በቁም ያለው የካሬ ብዛት ሆነው በዚህ ተካሁት፦

```
h = max(dx, dy) + 0.414 * min(dx, dy)
```

ቀመሩ የሚሠራው ቀጥታ እርምጃ 1፣ ሰያፍ 1.414 ሲያስከፍል ነው። ጥርጊያ ላይ መራመድ ግማሽ ዋጋ ብቻ ከሆነ h በ0.5 ይባዛ፤ አለበለዚያ አጭሩ መንገድ ሊያመልጥ ይችላል። እስከዚያ የተከፈለው ዋጋና h ተደምረው እኩል ከሆኑ ካሬዎች መካከል ደግሞ h ያነሰው ይቅደም፤ ቅጠሉን ወደ መስመር ያቀጠነው በተለይ ይህ ነው።

የቀረው ብክነት ድግግሞሽ ነበር። አሁን የተገኘውን መንገድ አስቀምጣለሁ፤ ወደዚያው መድረሻ የሚሄድ ሌላ ወታደር መንገዱ ላይ ከቆመ ቀሪውን ክፍል ይወስዳል። ግንብ ሲሠራ በዚያ ካሬ የሚያልፉትን ብቻ እሰርዛለሁ። ግንብ ሲፈርስ ግን ሁሉንም እጥላለሁ፤ የተቀመጠው መንገድ ባይዘጋም የሚያጥር መተላለፊያ ተከፍቶ ሊሆን ይችላልና።