«አንድ ዓይኔ ጠፍቶ ተመለሰ»፦ ማይግሬን ነው ብለው ከመተኛትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስማቸውን አቶ እከሌ እንበለው። 62 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሲያስታውሱ ይወስዳሉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ሱቃቸውን ከፍተው የትናንቱን ሒሳብ ሲያመሳክሩ በግራ ዓይናቸው ላይ ከላይ ወደ ታች ግራጫ መጋረጃ ወረደ። ሕመም አልነበረውም። ዓይናቸውን አሹ፣ በመሐረብ ጠረጉ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጋረጃው ተነሣ፤ ቁጥሮቹም ከነበሩበት ተገኙ። ልጃቸው ስትደውል ነገሩን በጨዋታ መሐል ጣል አደረጉት።

«አባዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ እንጂ!»

«ምን ሊሉኝ? አልፎልኛል። ማይግሬን ይሆናል፤ እናትሽንስ እንዲሁ ያደርጋት የለ?»

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ስህተቶች አሉ። ከሚከፋው እንጀምር።

«ተመልሶልኛል» ብሎ መተው

ለዓይን ደም የሚያደርሰው ቧንቧ የአንጎል ቧንቧ ቅርንጫፍ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ወደ ላይ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር ወደ አንጎል ከመግባቱ ጋር አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ወደ ዓይን ይልካል፤ ከዚያም የባሰ ቀጭኑ ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ኳስ በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ይመግባል። በአንገት የደም ስር ግድግዳ ላይ ከተጋገረ ስብ ቁራጭ ሲላቀቅ ወይም ከልብ የረጋ ደም ሲነሣ፣ ደሙ የወሰደው ቦታ ይሄዳል። ወደ ዓይን ቢሄድ መጋረጃ ይወርዳል። ወደ አንጎል ቢሄድ እጅ ይሰንፋል፣ አፍ ይጣመማል፣ ንግግር ይጠፋል።

የአቶ እከሌ መጋረጃ የተነሣው ቁራጩ ተሰባብሮ ስላለፈ ነው። የመጣበት ቦታ ግን እንዳለ ነው። እንዲህ ያለው የዓይን መጥፋት በሕክምናው ቋንቋ ጊዜያዊ ስትሮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከእሱ በኋላ ዋናው ስትሮክ የመምጣቱ ዕድል ይበልጥ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው። ስለዚህ «ለሳምንት ቀጠሮ ልያዝ» የሚለው ሐሳብ፣ ቅን ቢሆንም፣ አደገኛዎቹን ቀናት በቤት ማሳለፍ ማለት ነው። ምርመራው በዚያው ቀን ነው መሆን ያለበት።

ሁለቱን ዓይን በየተራ ሳይሸፍኑ «አንድ ዓይኔ» ማለት

ማይግሬንን ከደም ስር መዘጋት ለመለየት ከሚረዱት ነገሮች ሁሉ ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ምልክቱ ገና እያለ አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ሸፍነው በሌላው ይመልከቱ፤ ከዚያ ይለውጡ።

ለምን ያስፈልጋል? የማይግሬን ቅድመ ምልክት፣ ሐኪሞች ኦራ የሚሉት፣ የሚነሣው ከዓይን ሳይሆን ከኋለኛው የአንጎል ክፍል ነው። የቀኙ የአንጎል ክፍል የሚያየው ከሁለቱም ዓይኖች የመጣውን የግራ ግማሽ ስለሆነ፣ ሲታወክ ከሁለቱም ዓይኖች የግራው ጎን ይጠፋል። ሰው ግን «ግራ ዓይኔ ጠፋ» ብሎ ይናገራል፤ የጠፋው በግራ በኩል ነውና። ሐሰት መናገሩ አይደለም፤ ማንኛችንም እንዲሁ እንል ነበር።

ሸፍኖ መለየት ያልቻለ ሰው በኋላ ሊያስታውሰው የሚችል ምልክትም አለ። ያኔ የሰው ፊት አይተው ከሆነ፣ ከፊቱ ግማሹ ብቻ ታይቶ ግማሹ ጠፍቶ ነበር? ጋዜጣ ሲያነቡ የመስመሩ አንድ ጫፍ ብቻ ተሰወረ? እንዲህ ከሆነ ችግሩ በሁለቱም ዓይኖች ነበር። በአንዱ ዓይን ብቻ የጠፋበት ሰው ጤነኛው ዓይን ሁሉንም ስለሚያሟላለት ሙሉ ፊትና ሙሉ መስመር ያያል።

ማሳሰቢያ አለኝ፤ «በሁለቱም ዓይን ነው» ማለት «ስለዚህ ማይግሬን ነው» ማለት አይደለም። የአንጎል ስትሮክም የሁለቱን ዓይኖች ግማሽ ይወስዳል። በሸፈኑት ያወቁት ችግሩ ከዓይን ወይም ከአንጎል መሆኑን ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረው ቀጥሎ ያለው ነው።

ራስን ስላመመ ማይግሬን ነው ብሎ መደምደም

ራስ ምታት ሁለቱንም ሊከተል ይችላል። ማይግሬንም ያለ ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። መጠየቅ ያለበት እንዴት እንደመጣና ምን እንደታየ ነው።

የአቶ እከሌ ባለቤት የማይግሬን ሰው ናቸው፤ ከሠርጋቸው ዘመን ጀምሮ። የሚያዩትን ሲናገሩ ከሐኪም ይበልጣሉ፦ መጀመሪያ ከሚያዩት ነገር መሐል አጠገብ ትንሽ የሚርገበገብ ነጥብ ይመጣል። እሱ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ጠርዙ እንደ ጎንደሩ የፋሲል ግንብ አናት ጥርስ ጥርስ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ ቅስት ይሆናል። ቅስቱ ወደ ዳር እየተንሸራተተ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፤ ከኋላውም ራስ ምታቱ ይደርሳል።

ይህ ዝግታ የአጋጣሚ አይደለም። በማይግሬን ጊዜ በአንጎል ሽፋን ላይ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሞገድ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ ያየነው ነገር የሚሰፋውም በዚያው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ኦራ ቢያንስ 5 ደቂቃ ወስዶ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ብርሃንም አለው። የተዘጋ የደም ስር ግን ሞገድ የለውም። ሲዘጋ ወዲያው ነው፤ የሚያመጣውም ጨለማ፣ ግራጫ ወይም ጭጋግ ነው። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል።

«በአንድ ዓይን ብቻ የሚመጣ ማይግሬንም አለ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። አለ፤ ግን ብርቅ ነው፣ ሐኪምም የሚለው ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ካልተገኘ በኋላ ነው። እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው የሚጀምሩበት ምርመራ አይደለም። በተለይ ዕድሜው ከ50 ያለፈና ከዚህ በፊት ኦራ አይቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን «ማይግሬን» በዚህ ዕድሜ ሲያገኝ፣ የማይግሬን ስሙ እስኪረጋገጥ ድረስ በጥርጣሬ መያዝ አለበት። ለዓመታት ማይግሬን የነበረባቸው እንኳን፣ የለመዱት መልክ ከተለወጠ፣ ማለትም ብርሃኑ ቀርቶ ጨለማ ብቻ ከሆነ ወይም ዝግታው ቀርቶ በድንገት ከመጣ፣ «የለመድኩት ነው» ማለት አይገባቸውም።

ወጣትነትን ዋስትና ማድረግ

በሌላ አገር የተጻፉ ምክሮች ስለ ሽማግሌዎችና ስለ ኮሌስትሮል ብዙ ይላሉ። እኛ አገር ሌላ ነገር መጨመር አለበት። በልጅነት በተደጋጋሚ ጉሮሮን ካመመ በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ቫልቭን ያጠባል፤ ከጠበበው ቫልቭ ጀርባ ባለው የልብ ክፍል ውስጥም ደም ይረጋል። በ25 ዓመቷ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ዓይኗ ለሦስት ደቂቃ ቢጠፋ፣ ልቧ በስቴቶስኮፕና በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ሌላም ልጨምር፦ ኦራ ያለው ማይግሬን ያለባት ሴት የእርግዝና መከላከያ ፒል የምትወስድ ከሆነ ይህን ለሐኪሟ ትናገር፤ ኤስትሮጅን ያለበት ፒል የስትሮክን አደጋ ይጨምራል፣ ሲጋራ ከታከለበት ደግሞ ይብሳል።

ካልተመለሰ ጠብታ መግዛት፣ መነጽር ቤት መሄድ፣ መተኛት

እስከ አሁን የተናገርነው ጠፍቶ ስለተመለሰ ዓይን ነበር። ካልተመለሰስ? ያለ ሕመም በድንገት የጠፋና ያልተመለሰ ዓይን የሬቲና ዋና ደም ስር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የዓይን ስትሮክ ነው። በዝንጀሮዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሬቲና ለ1 ሰዓት ተኩል ያህል ደም ሳያገኝ ቢቆይ ያገግም ነበር፤ 4 ሰዓት ሲሞላው ግን አብዛኛው ጉዳት ቋሚ ሆነ። ለደም ማሟሟቻ መድኃኒት የሚታሰበው ጊዜ፣ ጥቅሙ ገና የሚከራከሩበት ቢሆንም፣ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። እንቅልፍ ብቻውን ይህን ሁሉ ይበላዋል።

ስለዚህ የሚኬደው ስትሮክ ወደሚታከምበት ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፤ መኪና እራስዎ አይንዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ 112። እንደደረሱም «ዓይኔን አመመኝ» አይበሉ። «በዚህ ሰዓት ላይ በድንገት አንድ ዓይኔ ጠፋ» ይበሉ፤ ሰዓቱ ከሁሉም በላይ ይጠቅማቸዋል። ፊት መጣመም፣ እጅ መስነፍ ወይም ንግግር መጥፋት አብሮ ካለ፣ የዓይኑን ጉዳይ ትተው ስትሮክ ብለው ይጥሩ። አስፕሪንም ሐኪም ሳያይዎት አይዋጡ፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለደም መፍሰስ ጉዳት ነው።

ስለ መንጋጋ አለመናገር

ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ይልቁንም ከ70 በላይ በሆኑት፣ የራስ ደም ስሮችን የሚያቃጥል በሽታ አለ። ሥጋ ወይም ቆሎ ሲያኝኩ መንጋጋ ይደክማል፣ ይታመማል፤ ጸጉር ሲያበጥሩ የራስ ቆዳ ያማል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ክብደት ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑ ለአፍታ ከጠፋ፣ ሐኪም በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳዩትን ኢኤስአርና ሲአርፒ የተባሉ የደም ምርመራዎች ያዝዛል፤ ጥርጣሬው ከጠነከረም ከደም ስሩ የተወሰደው ናሙና ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቅ ስቴሮይድ ይጀምራል። ምክንያቱም ሌላው ዓይን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊከተል ይችላል። ሽማግሌዎቻችን ግን መንጋጋቸውን ለዓይን ሐኪም አይናገሩም፤ ምን ሊያገናኘው ብለው።

ወደ አቶ እከሌ እንመለስ። ምሳ ላይ ባለቤታቸው ነገሩን ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ፣ ወጡን እያወጡ ጠየቁ።

«ብልጭ ብልጭ ይል ነበር?»

«የለም፤ ጨለማ ብቻ።»

«ቀስ እያለ ነው የሰፋው?»

«እንደ መጋረጃ ነው። ተጎትቶ ወረደ።»

«እንግዲህ የኔው ዓይነት አይደለም» አሉና ማንኪያውን አስቀመጡ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ነበሩ። ነርሷ ማሽኑን ሳታምን ሁለት ጣቶቿን በእጅ አንጓቸው ላይ አድርጋ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች፤ ምቱ ይዘላል፣ ይቸኩላል፣ ይጠፋል። ኢሲጂው የልብ የላይኛው ክፍል ምት መዛባቱን አሳየ፤ የአንገታቸው ደም ስሮች በአልትራሳውንድ ሲታዩ ደህና ነበሩ። በኤምአርአይ በአንጎላቸው በግራ በኩል፣ ምንም ያልተሰማቸው፣ ትንሽ ትኩስ ስትሮክ ተገኘ። ሐኪሙ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ልጃቸውም የሚወሰድበትን ሰዓት በስልካቸው ላይ ማንቂያ አድርጋ ሞላችው።