ምስጋናውን ሳልቀንስ ቁጥሩን ያጸናሁበት የደመወዝ መልእክት

ሐዋሳ የሚገኝ አንድ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ሊቀጥረኝ ብር 28,000 ሲያቀርብልኝ፣ እኔ የምፈልገው 34,000 ነበር። የመጀመሪያው ረቂቄ «ከ34,000 በታች አልቀበልም» ስለሚል ንግግሩን የሚዘጋ ሆነ። ሁለተኛው «ከተቻለ ከ30,000 እስከ 34,000 ቢታሰብልኝ» ይል ነበር፤ ትሕትና ቢመስልም፣ ዝቅተኛውን ቁጥር ራሴ ስለጻፍኩት አንባቢው እሱን ይዞ መቅረቱ አይቀርም።

በመጨረሻ የላክሁት ይህ ነው፦

«ለሰጣችሁኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ፤ አብሬያችሁ ለመሥራትም ዝግጁ ነኝ። በቃለ መጠይቁ እንደተነጋገርነው፣ ሥራው ከወርኃዊ ሂሳብ መዝጋት በተጨማሪ የሁለት ቅርንጫፎችን የግብር ማስታወቂያ ማዘጋጀትን ስለሚያካትት፣ ያልተጣራው የወር ደመወዝ ብር 34,000 እንዲሆን እጠይቃለሁ። የደመወዝ እርከኑ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ልዩነቱ በምን መልክ ሊሟላ እንደሚችል አብረን ብንመለከት ደስ ይለኛል።»

«ያልተጣራ» ያልኩት፣ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰ በኋላ እጅ የሚገባው ስለሚያንስ፣ ሁለታችንም ስለ አንድ ቁጥር እንድንነጋገር ነው። የቤት ኪራዬን ያነሳሁበትን ዓረፍተ ነገር ግን ሰረዝኩት፤ ኪራዩ የእኔ ጉዳይ እንጂ የሥራው ዋጋ አይደለም።

ከሦስት ቀን በኋላ 32,000 ደመወዝና 2,000 የኃላፊነት አበል አድርገው መለሱልኝ። ጡረታ የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ ላይ በመሆኑ አበሉ ሙሉ ምትክ ባይሆንም፣ ተቀበልኩት።