50 ሰቅል ብር ወይስ 600 ሰቅል ወርቅ? የኦርናን አውድማ ዋጋ ስናስታርቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ደጋግማ የምትነሣ ጥያቄ አለች፦ ዳዊት መቅሠፍቱ እንዲከለከል መሠዊያ የሠራበትን ቦታ በስንት ገዛው? 2ኛ ሳሙኤል 24፥24 አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር ገዛ ይላል። 1ኛ ዜና መዋዕል 21፥25 ግን ስለ ስፍራው 600 ሰቅል ወርቅ ሰጠ ይላል። ታሪኩ አንድ፣ ሻጩም ያው ኦርና ነው።

ቶሎ የሚመጣው ስህተት «ያው የምንዛሪ ጉዳይ ነው» ማለት ነው። አንድ ሰቅል 11 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ሃምሳው ብር ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ስድስት መቶው ወርቅ ደግሞ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ይህ በምንም ገበያ አይመነዘርም።

ሁለተኛው ስህተት ዋጋውን አይቶ የተገዛውን አለማየት ነው። ፒያሳ ውስጥ ደላላ ዋጋ ሲጠራ መጀመሪያ «ቤቱን ብቻ ነው ወይስ ከነግቢው?» እንላለን፤ እዚህ ስንደርስ ግን እንረሳዋለን። ሳሙኤል የሚቆጥረው አውድማና በሬ ነው፤ ዜና መዋዕል «ስፍራው» ይላል። ብዙ ተርጓሚዎች ሃምሳው ለአውድማውና ለከብቱ፣ ስድስት መቶው ለሰፊው መሬት ነው የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህን ግምት እንደ ተጻፈ ቃል ማስተማር ነው። «ዳዊት መጀመሪያ ሃምሳ ከፈለ፣ ኋላ ተመልሶ ስድስት መቶ ጨመረ» ሲባል እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ መክፈሉን የሚናገር ጥቅስ የለም። ደግሞም በዜና መዋዕል 21፥22 ዳዊት የሚጠይቀው «የዚህን አውድማ ስፍራ» ስለሆነ ስፍራውን ከአውድማው አርቆ ማስፋት ቀላል አይደለም። የጥንት አይሁድ መምህራን ከ12ቱ ነገድ ሃምሳ ሃምሳ ተሰብስቦ 600 ሆነ ብለዋል። ስሌቱ ያምራል፤ ሆኖም ይህም በጥቅሱ ውስጥ የለም። «ሊሆን ይችላል» ብሎ ማቅረብ ይበቃል፤ ሰሚው ቤቱ ሄዶ ሲያነብ አይደናገርም።

የቀረው ስህተት ጥቅሱ ላይ ማቆም ነው፤ ወደ ፊት ማንበብ ያስፈልጋል። የሳሙኤል መጽሐፍ መሠዊያው ተሠርቶ መቅሠፍቱ ሲከለከል እዚያው ያልቃል። ዜና መዋዕል ግን ይቀጥላል፦ በ22፥1 ዳዊት ቦታውን የእግዚአብሔር ቤት ብሎ ይጠራዋል፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 3፥1 ላይ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው እዚያው የኦርና አውድማ ላይ፣ በሞሪያ ተራራ ነው። ዳዊት «በሙሉ ዋጋ» ማለቱም አብርሃም የመክፌላን ዋሻ ሲገዛ የተናገረውን ያስታውሳል፤ እሱም በ400 ሰቅል ብር ነበር የገዛው። አንዱ ጸሐፊ የአንድ ቀን መሥዋዕት ወጪ ይነግረናል፣ ሌላው የቤተ መቅደሱን መሬት ግዢ። እኔ ለጠየቀኝ ሰው ይህን አስቀድሜ፣ የሁለቱን ግዢ ግምት አስከትዬ እነግረዋለሁ።