ኪራይ ወይስ ግዢ? ወለዱን ነጥላችሁ አስሉት

በባንክ ብድር ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ኪራዩን ከወርሃዊ ክፍያው ጋር አታወዳድሩ። ዕዳውን የሚቀንሰው ብር የራሳችሁ ነው፤ የሚበላችሁ ወለዱ ነው።

እንበል አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር ነው፣ ተመሳሳዩ በወር 30 ሺህ ይከራያል። 2.4 ሚሊዮን ከፍላችሁ ቀሪውን በ17 በመቶ ለ20 ዓመት ተበደራችሁ። ወርሃዊ ክፍያው 82 ሺህ ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 79 ሺው ወለድ ነው! ከዕዳው የሚነሳው 3 ሺህ እንኳ አይሞላም።

የዓመቱ ወለድ 950 ሺህ ገደማ ይሆናል። ለጥገና፣ ለሊፍትና ለጥበቃ 80 ሺህ ጨምሩበት። የሚቀርላችሁን የ360 ሺህ ኪራይ ቀንሱ። 670 ሺህ ይቀራል፤ የቤቱን ዋጋ 8.4 በመቶ ማለት ነው። የቤቱ ዋጋ በዓመት ከዚያ በላይ ካልጨመረ፣ ለጊዜው ኪራዩ ያዋጣል። ቅድመ ክፍያው ባንክ ቢቀመጥ የሚያስገኘውን ወለድ ደግሞ ገና አልቆጠርንም።